የአራተኛው ማራገቢያ ጩኸት

ሰውየውን ሁሉም ጋሽ መፍቻ ይለዋል። እናቱ ያወጣችለትን ስም የሚያውቁት ሚስቱና ደመወዝ ከፋይዋ ብቻ ናቸው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ዕድሜው ሃምሳ ሰባት ነው። ከዚያ ውስጥ ሃያውን ዓመት የፈጀው የሽመና ማሽኖች በተደረደሩበት የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ነበር፤ ሰው ከሰው ጋር የሚግባባው በጥቅሻና በእጅ ምልክት በሆነበት፣ ምድር በሚያንቀጠቅጥ ጩኸት ውስጥ። ከዚያ ወዲህ ያለውን አሥራ አንድ ዓመት ደግሞ በዶሮ እርባታው ጥገና ክፍል ሠራ።

በእርባታው ውስጥ ስሙ የተጠራው በጆሮው ነው። ማሽን ሲታመም በር ላይ ይቆማል፣ ዓይኑን ይጨፍናል፣ ትንሽ ያዳምጣል፣ ከዚያ «ኩሽኔታው ነው» ወይም «ብሎን ላልቷል» ይላል። ሲፈታ እንዳለው ሆኖ ይገኛል። አንድ ጊዜ የመኖ መፍጫውን ከውጭ የመጣ ባለሙያ ሁለት ቀን ሲነካካው ከርሞ ሲያቅተው፣ ጋሽ መፍቻ እጁን ኪሱ ከትቶ አዳምጦ «ውስጡ የወደቀ ነገር አለ» አለ፤ ሲከፈት የሰው የእጅ ሰዓት ወጣ። ከዚያ ወዲህ ማን ይቻለው! እሱም ቢሆን ሙገሳውን አልጠላውም።

በሦስተኛው ቤት ያሉትን አምስት ሺ እንቁላል ጣይ ዶሮዎች የምትጠብቀው ሴት ደግሞ የሺ እናት ትባላለች። ቅጽል ስሙን ያወጡላት የሥራ ጓደኞቿ ናቸው፤ የወለደቻቸው ሁለት፣ የምታሳድጋቸው አምስት ሺ ስለሆኑ። ቀጭን፣ ፈጣን፣ ነገር ካየች ሳትናገር የማታድር ሴት ናት። ዶሮ ከመታመሟ በፊት ድምፅዋ ይለወጣል ትላለች፤ ትክክልም ናት።

ነገሩ የጀመረው ሙቀቱ በበረታበት ወር፣ ሰኞ ጠዋት ነው። የሦስተኛው ቤት ጫፍ ግድግዳ ላይ ሰው የሚያህሉ ስድስት ማራገቢያዎች አሉ። ቤቱ ውስጥ ያለውን የጋለና የታፈነ አየር ወደ ውጭ ይጎትታሉ፤ እነሱ ሲጎትቱ ንጹሑ አየር በወዲያኛው ጫፍ ይገባል። እያንዳንዱን ማራገቢያ የሚያሽከረክረው ከጎኑ የታሰረ ሞተር ነው። ጉልበቱን ከሞተሩ ወደ ማራገቢያው የምታሻግረው አንዲት የጎማ ቀበቶ፣ ቺንጋ ናት፤ ፑሊ በሚባሉ ሁለት ክብ ብረቶች ቦይ ውስጥ ተጠምዳ ትሮጣለች። ጠዋት ቀዝቀዝ ስለሚል ማራገቢያዎቹ የሚነሱት ሦስት ሰዓት ላይ ነው።

በዚያ ሰኞ የሺ እናት ጋሽ መፍቻን ከጥገና ክፍል አስጠርታ አራተኛው ማራገቢያ ፊት አቆመችው።

«ጋሼ፣ አሁን ስማው» አለችና ማብሪያውን ጫነች።

ወዲያው ፊቷን አጨማደደችና ሁለት ጆሮዋን በመዳፏ ደፈነች። የመጀመሪያው ረድፍ ዶሮዎች አንገታቸውን አስግገው ወደ ኋላ ሸሹ። ጋሽ መፍቻ ግን የሰማው የሞተሩን ወፍራም «ዉዉዉ» ብቻ ነበር። ቀልድ መሰለው። ሊስቅ ሲል የዶሮዎቹን ድንጋጤ አየ፤ ዶሮ ደግሞ አትቀልድም።

«ሰማኸው አይደል?» አለች፣ እጇን ከጆሮዋ አንስታ። «ሲነሳ ነው እንጂ ከዚያ በኋላ ዝም ይላል። ሲጢጢጥ! ጆሮ ይበሳል እኮ።»

«ሰምቼዋለሁ» አለ።

ውሸት ነበር። ማራገቢያውን አጥፍቶ ሞተሩን በከለለው የሽቦ ልባስ መሐል አውራ ጣቱን አስገባና ቺንጋዋን ጫን አደረጋት። ገባ አለች፣ ተመለሰች። «ምንም የላትም። የሌሊት እርጥበት ነው፤ ቺንጋ ሲረጥብ እንዲህ ያደርጋል» ብሎ ሄደ።

እርጥበት ቺንጋን እንደሚያስጮህ እውነት ነው። ግን እርጥበት ከሆነ አንዴ ዞር ዞር ሲል ይደርቅና ዝም ይላል። በማግስቱም ጮኸ፤ ረቡዕም ጮኸ። ረቡዕ ዕለት ሞተሩ የተቀመጠበትን ብሎን አላልቶ ሞተሩን ትንሽ ወደ ኋላ ሳበውና ቺንጋዋን ወጠራት። «አሁንስ?» ብሎ ሲጠይቃት «ቀንሷል» አለችው። ሐሙስ ግን እንደ ድሮው ሆነ።

ልባሱን ፈትቶ ውስጡን ቢያይ ኖሮ ነገሩ በዚያው ባለቀ ነበር። ልባሱን ለመፍታት አራት ብሎን ነው። አልፈታውም። የሚያየውን ነገር ፈርቶ ሳይሆን ገና ከጅምሩ «ምንም የላትም» ማለቱን መልሶ መዋጥ ስላልፈለገ ነው። ከዚያም በላይ፣ ማሽኑን ፈትቶ ገጥሞ ሲያስነሳ ጩኸቱ መቆሙን ወይም አለመቆሙን በምን ሊያውቅ? እያንዳንዱን ጊዜ የሴትዮዋን ፊት እያየ?

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል። የጋሽ መፍቻ ጆሮ ከባለቤቱ መራቅ የጀመረው ግን ያን ሰሞን አልነበረም። ሁለት ዓመት ሆኖታል። መጀመሪያ የጠፉት ጠዋት መስኮት ላይ የሚንጫጩት ወፎች ናቸው፤ ሌላ ሰፈር የሄዱ መሰለው። ቀጥሎ የስልኩ ጥሪ ጠፋ። ከዚያ ሚስቱ ቃል እየዋጠች መናገር ጀመረች፤ እሱ እንዲህ ነበር የመሰለው። «ሴትዮ፣ አፍሽን ከፍተሽ ተናገሪ!» ይላታል። እሷም «አንተ ጆሮህን አከራይተኸዋል እንዴ?» ትለዋለች። ባለፈው እሑድ ማንቆርቆሪያው እሳት ላይ ሆኖ ሲያፏጭ፣ እሱ ከአጠገቡ ተቀምጦ ጋዜጣ ያነብ ነበር። ሚስቱ ከጓሮ እየሮጠች ገብታ ማንቆርቆሪያውን ስታነሳ ውኃው አልቆ ቂጡ ቀልቷል። ቆማ አየችው፣ እሱም ጋዜጣውን ገለጠ።

የሚፈራውን ያውቃል። በእርባታው ደንብ ማስጠንቀቂያ ደወል የማይሰማ ሠራተኛ ብቻውን ማሽን አይነካም። ከዚያስ ምን ይሆናል? በር ጠባቂ? ወይስ ቤት ቁጭ ብሎ ግድግዳ ማየት? ሰው ሁሉ የሚያውቀው በዚሁ ጆሮ ነው። ጆሮው ሲሄድ ስሙም አብሮ የሚሄድ ነበር የመሰለው።

ዓርብ ዕለት የሺ እናት መንገድ ላይ ያዘችው።

«ጋሼ፣ ሁለተኛውም ጀምሮታል። ለዶክተሯ ልንገራት እንዴ? አንተ ሥራ በዝቶብህ እንደሆነ…»

ዶክተሯ የእርባታው ሥራ አስኪያጅ ናት፤ የእንስሳት ሐኪም ስለሆነች ነው እንዲያ የሚሏት። ጋሽ መፍቻ ስሟን ሲሰማ ደሙ ፈላ።

«አንቺ ዶሮሽን ጠብቂ! ማሽኑን ለኔ ተዪ! ሠላሳ አንድ ዓመት ሠርቼ ማራገቢያ የምታስተምሪኝ አንቺ ነሽ?»

ሴትዮዋ አንገቷን ደፋች። «ይቅርታ ጋሼ» ብላ ሄደች። ከዚያ ቀን በኋላ ማራገቢያዎቹ ሲጮሁ ጆሮዋን ደፍና ታልፋለች እንጂ አልነገረችውም። እሱም ባለመነገሩ ተገላገለ፤ ተገላገለ ቢባልም ግን ቅዳሜና እሑድን አልተኛም።

ሰኞ ደግሞ መጣ። ያን ቀን ነፋስ የሚባል ነገር አልነበረም። የዛፍ ቅጠል እንደ ሥዕል ቆሞ ዋለ። አምስት ሰዓት ላይ የሦስተኛው ቤት ሙቀት መለኪያ ሠላሳ አራት፣ ስድስት ሰዓት ላይ ሠላሳ ስድስት አለ። ሰባት ሰዓት ሲሆን ሠላሳ ስምንት ገባ። ዶሮ ላብ የላትም፤ ሲሞቃት አፏን ከፍታ ታለከልካለች፣ ክንፏን ከጎኗ ታርቃለች። አየር ከተንቀሳቀሰላት ትችለዋለች፤ ካልተንቀሳቀሰ ግን ትተኛለች። የተኛች ዶሮ ብዙ ጊዜ አትነሳም።

ጋሽ መፍቻ ጥገና ክፍል ውስጥ የውኃ ፓምፕ ፈትቶ ነበር። ትከሻውን የሚይዝ እጅ ሲሰማው ዘወር አለ። የሺ እናት ናት፤ ከንፈሯ ደርቋል፣ ፀጉሯ ላይ ላባ ተጣብቋል። ከበሩ ጀምሮ ስትጠራው እንደነበር ከፊቷ ገባው።

«እየተኙብኝ ነው ጋሼ! እየሞቱ ነው! ማራገቢያዎቹ ይዞራሉ፣ አየሩ ግን አይሄድም!»

መፍቻውን እንደያዘ ሮጠ።

ቤቱ ሲገባ ሙቀቱ ፊቱን እንደ እርጥብ ጨርቅ ሸፈነው። አምስት ሺ አፍ ተከፍቷል። ስድስቱም ማራገቢያዎች ይዞራሉ፤ በጆሮው ቢሄድ ሁሉም ደህና ናቸው፣ ያው «ዉዉዉ» ነው። የዚያን ጊዜ ነው ጆሮውን ትቶ ዓይኑን ያመነው። በእያንዳንዱ ማራገቢያ ፊት ነፋስ ሲገፋቸው የሚከፈቱ የቆርቆሮ መዝጊያዎች አሉ። የአንደኛው፣ የሦስተኛው፣ የአምስተኛውና የስድስተኛው መዝጊያዎች ቀጥ ብለው ተከፍተዋል። የሁለተኛውና የአራተኛው ግን ግማሽ ላይ ተንጠልጥለው ይንቀጠቀጣሉ። ነፋሱ አቅም አንሶት ሊከፍታቸው አልቻለም።

«አንቺ ዶሮዎቹን አስነሺ» አላት። «በመሐላቸው ተመላለሺ፣ አትተኙ በያቸው። የመጠጫው ቱቦ ውስጥ ያለውን የሞቀ ውኃ አፍስሽና ቀዝቃዛ ልቀቂላቸው። እኔ መጣሁ።»

ወደ ዶክተሯ ቢሮ ሮጦ ሳያንኳኳ ገባ። በቁምሳጥኑ ውስጥ ሁለት ዓመት ሙሉ ከካርቶኑ ሳይወጣ የቆየ ዕቃ አለ፤ ብርሃን አብርቶ ማሽን በደቂቃ ስንት ጊዜ እንደሚዞር የሚቆጥር መለኪያ። ሲገዛ «ጆሮ ያለው ሰው ይህን ምን ያደርግለታል?» ብሎ የተወው እሱ ራሱ ነበር። ዶክተሯ ከወንበሯ ተነሳች።

«ምን ሆኑ ጋሼ?»

«ሦስተኛው ቤት እየታፈነ ነው። ይምጡ!» አለ፣ መለኪያውን ከካርቶኑ አውጥቶ እየወጣ።

ሲመለሱ አራተኛውን ማራገቢያ አጠፋው፤ ማብሪያውን በጓጉንቸር ቆልፎ መክፈቻውን ኪሱ ከተተ። እጁን የሚያስገባበት ነገር በሌላ ሰው ጣት እንዲነሳ አይፈልግም። መዞሩ እስኪያቆም ጠበቀና አራቱን ብሎኖች ፈትቶ ልባሱን አወረደ። የሞተሩን ፑሊ በጣቱ ጫፍ ነካ አድርጎ እጁን መነጨቀ፤ እንደ ምጣድ ግሏል። ቺንጋ ፑሊውን ጨብጦ ከዞረ እንዲህ አያግልም። እየተንሸራተተ ሲፋተግ ነው የሚያግለው።

በትልቁ ፑሊ ላይ የምታንጸባርቅ ቁራጭ ወረቀት ለጠፈ፤ መለኪያው የሚቆጥረው እሷን ነው። ከቺንጋዋ ራቅ ብለው ቆሙ፤ ጓጉንቸሩን ከፈተና አስነሳው።

ዶክተሯ ጆሮዋን ደፈነች። ትንፋሽ የሚያህል ጊዜ እንዲያ ሆና ቆየችና እጇን አወረደች።

«ይህ ጩኸት ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«ሳምንት አልፎታል።»

«ሳምንት? እና ይህን አልሰሙትም?»

ጋሽ መፍቻ መለኪያውን እንደደገነ ቁጥሩን ያያል። ላቡ በቅንድቡ ይወርዳል። ከኋላው የሺ እናት «ተነሱ! ተነሱ እንጂ!» እያለች ስትለምን ይሰማዋል፤ ወፍራም ድምፅ ይሰማዋል። ሌላ ውሸት ሊፈልግ ቢሞክር ኖሮ ያገኝ ነበር። ግን ያን ያህል ጊዜ አልነበረም።

«አልሰማሁትም» አለ። «ጆሮዬ ቀጭን ድምፅ መስማት ካቆመ ሁለት ዓመት ሆኖታል። ነግራኛለች፣ እኔ ነኝ የተቆጣኋት። ጥፋቱ የኔ ነው። አሁን ግን ይህን ይዩልኝ፤ ሦስት መቶ ሠላሳ ይላል።»

ዶክተሯ ጎንበስ ብላ ቁጥሩን አየች። «ስንት መሆን ነበረበት?»

«ሞተሩ በደቂቃ አንድ ሺ አራት መቶ ይዞራል። የሱ ፑሊ አሥራ አንድ ሳንቲ፣ ያኛው ሠላሳ አምስት። ስለዚህ ማራገቢያው አራት መቶ አርባ ግድም መዞር አለበት። ሩቡ በመንሸራተት ይባክናል ማለት ነው። አየሩም በዚያው ልክ ይቀንሳል።»

እንደገና አጠፋ፣ ቆለፈ። ብሎኖቹን አላልቶ ሞተሩን ወደ ፊት ገፋና ቺንጋዋን ያለ ጉልበት አወጣት። ጎኖቿን ወደ ብርሃን አዞረ፤ እንደ መስታወት ለስልሰው ያብረቀርቃሉ። እንግዲህ ቺንጋዋ የታመመች ሳትሆን የተጎዳች ናት። በሽታው ሌላ ቦታ ነው። የእጅ ባትሪውን ወደ ሞተሩ ፑሊ ቦይ አበራ። የቦዩ ጎኖች ቀጥ ማለት ሲገባቸው እንደ ማንኪያ ጎድጉደዋል። የቦዩ ወለል ደግሞ ያብረቀርቃል።

«አዩት?» አለ። «ቺንጋ የቦዩን ወለል መንካት የለባትም። የምትሠራው በጎንና በጎኗ ግድግዳውን ጨብጣ ነው። ግድግዳው ሲበላ ወደ ታች ትሰምጥና ወለሉ ላይ ትቀመጣለች፤ ያኔ የምትጨብጠው ነገር የላትም። ሞተሩ ሲነሳ ነው ከባዱ ጭነት፣ ስለዚህ ሲነሳ ትጮኻለች። እኔ ደግሞ መወጠር! ብትወጠርም ዘንጉ የሚዞርበትን ኩሽኔታ ትገድል ነበር እንጂ አትጨብጥም። አዲስ ቺንጋ ብናስገባም ያው ናት።»

«ፑሊ በግምጃ ቤት የለም» አለች ዶክተሯ። «አውቃለሁ፣ የዕቃ ዝርዝሩን ትናንት ነው ያየሁት።»

ጋሽ መፍቻ በበሩ ወደ ውጭ አየ። ከዚያ «አምስተኛው ቤት ባዶ ነው» አለ። ዶሮዎቹ ባለፈው ሳምንት ተሸጠው ቤቱ ለጽዳት ተዘግቶ ነበር፤ ማራገቢያዎቹም አንድ ዓይነት ናቸው፣ ሥራ ከጀመሩም ገና አንድ ዓመታቸው ነው።

በአምስተኛው ቤት የመጀመሪያውን ልባስ ፈታ። ፑሊውን ከሞተሩ ዘንግ ጋር የምታስረው ትንሽ ብሎን ዝጋ አትነቃነቅም አለች። መዶሻው አጠገቡ ነው። አንድ ቢመታው ደስ ይለው ነበር፤ ግን የብረት ፑሊ በመዶሻ ይሰነጠቃል፣ የሞተሩም ኩሽኔታ ይጎዳል። ነጭ ጋዝ ጠብ አደረገባትና ቁጭ ብሎ ጠበቀ። ደቂቃ ሲጠብቅ ዓመት መሰለው። ዶክተሯ በር ላይ ቆማ ሰዓቷን ታያለች። መጨረሻ ላይ ብሎኗ «ቅጭ» ብላ ለቀቀች፤ ድምፁን አልሰማውም፣ በመዳፉ ነው ያወቀው። በፑሊ መንቀያው በቀስታ ስቦ አወጣው። የሁለተኛውንም እንዲሁ። ሁለት ፑሊ፣ ሁለት አዲስ ቺንጋ ከግምጃ ቤት፣ ተመልሶ ሩጫ።

ሦስተኛው ቤት ውስጥ የሺ እናት ሸሚዟ ጀርባዋ ላይ ተጣብቋል። በመንገዱ ዳር የሞቱትን ደርድራለች። ቀና ብላ እንኳ አላየችውም። ቆጥራ የጨረሰችበት ቦታ ላይ ቆማ «ሃምሳ ሦስት» አለች፣ ለማንም ሳይሆን።

የድሮውን ፑሊ አውጥቶ አዲሱን አስገባ። በሁለቱ ፑሊዎች ፊት ሲባጎ ወጠረ፤ ሲባጎው የሁለቱንም ከንፈር እኩል መንካት አለበት፣ ካልነካ ቺንጋዋ ጠማማ ትሮጥና ጎኗ ይበላል። ትንሽ ወደ ውስጥ ነበር፤ አስተካከለው። ቺንጋዋን አጠለቀ። አሁን ስትቀመጥ ጀርባዋ ከቦዩ ከንፈር ጋር እኩል ሆነ፤ ከሥሯ ክፍተት አለ። ሞተሩን ወደ ኋላ ሳበ። በሁለቱ ፑሊ መካከል ያለው ርዝመት ክንድ ያህል፣ ሃምሳ ሳንቲ ነው። መሐሏን በጣቱ ጫነና በማስመሪያ ለካ፤ ስምንት ሚሊሜትር ገባች። ይህን ያህል ነው የሚፈለገው። ብሎኖቹን አጠበቀ፣ ልባሱን መለሰ፣ ጓጉንቸሩን ከፈተ።

ከዚያ ቆመ። ማብሪያው ላይ ጣቱን አሳርፎ ወደ ዶሮዎቹ መሐል ተጣራ።

«እህቴ! ነይማ።»

የሺ እናት መጣች። ዓይኗ ቀልቷል።

«እኔ አልሰማም» አላት። «ባለፈውም አልሰማሁም። ስሚልኝ።»

ወደ ማራገቢያው ቀረብ አለች። ከዚያ ዓይኗን ጨፈነች፤ ድሮ እሱ እንደሚያደርገው። ማብሪያውን ጫነ።

«ትንሽ አለ» አለች። «ጭ ብሎ ጠፋ።»

አጥፍቶ ቆለፈና ማስተካከያዋን ብሎን ሩብ ዙር አዞረ፤ አዲስ ቺንጋ ቦዩ ውስጥ ስትቀመጥ ትረግባለች። ደግሞ አስነሳ።

ጭንቅላቷን ነቀነቀች። «የለም። ምንም የለም።»

መዝጊያዎቹ አንድ በአንድ ቀጥ ብለው ተከፈቱ። መለኪያው አራት መቶ ሠላሳ ስድስት አለ። ከቤቱ ወለል ላይ አቧራና ላባ ተነስቶ ወደ ማራገቢያው መንጎድ ጀመረ። ጋሽ መፍቻ ግን ቆሞ አላየም፤ ሁለተኛውን ሊያጠፋ ሄዶ ነበር። የሁለተኛው ፑሊ እንደ ፊተኛው ባይሆንም ተበልቷል። ዘጠኝ ሰዓት ከሩብ ላይ ስድስቱም መዝጊያዎች ተከፍተው የሙቀት መለኪያው ወደ ሠላሳ አምስት ወረደ። ከግማሽ ሰዓት በኋላ ሁለቱንም አጥፍቶ ውጥረታቸውን ደግሞ ለካና አስተካከለ።

ሰባ አንድ ዶሮ ሞተ። ከአምስት ሺ ሰባ አንድ ብዙ አይደለም የሚል ሰው ይኖራል። የሺ እናት ግን እያንዳንዷን በእጇ አንስታ ከረጢት ውስጥ ስትከት፣ ጋሽ መፍቻ ከጎኗ ከረጢቱን ይዞ ነበር። ሠላሳኛዋ ላይ ሲደርሱ «አስቀይሜሻለሁ» አላት። «ዓርብ ዕለት።»

«አዎ» አለች። አልሸፋፈነችለትም። «እኔም ግን ዝም ማለት አልነበረብኝም። ኩርፊያዬ እነሱን ፈጃቸው።»

«ኩርፊያሽን ያመጣሁት እኔ ነኝ።»

«እሱስ ልክ ነህ» አለችና ከረጢቱን ቋጠረች።

በማግስቱ ዶክተሯ ቢሮ ጠራችው። የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ሰጠችው፤ ቆሞ አነበበው፣ ፈረመ። ከሥራ ታባርረኛለች ብሎ ነበር የገባው። እሷ ግን አንድ ሌላ ወረቀት ጨመረችለት፤ የጆሮ ምርመራ መላኪያ ነው።

«መስማት ስለቀነሱ አይደለም ደብዳቤው» አለችው። «ስለደበቁ ነው። ልዩነቱ ይግባዎት።»

በጤና ጣቢያው ትንሽ ክፍል ውስጥ ጆሮ ማዳመጫ አደረጉለት። ድምፅ ሲሰማ እጁን እንዲያነሳ ተነገረው። ወፍራሞቹን ሰማ፣ እጁን አነሳ፣ አነሳ። ከዚያ ጸጥ አለ። ቀጣዩ እስኪጀምር እጁን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ጠበቀ። መርማሪዋ ወደ እሱ ዘወር ብላ «ጨርሰናል አባቴ» አለችው። ቀጭኖቹ ድምፆች ሁሉ ተጫውተው አልፈዋል። ወደ ቤቱ እስኪደርስ ያቺ ጸጥታ አብራው ሄደች።

ሥራው አልቀረበትም፤ እንደ ድሮውም ግን አልሆነም። ብቻውን ማሽን አይነካም። በየሳምንቱ የእያንዳንዱ ማራገቢያ ዙር ይለካል፣ ልባሱ ተፈትቶ የፑሊው ቦይ በባትሪ ይታያል፣ ቁጥሩ በር ላይ በተሰቀለ ሰሌዳ ይጻፋል። ጠዋት ሲነሱ የምታዳምጠው የሺ እናት ናት፤ የሰማችውን ለማንም ሳታማክር በራሷ እጅ ሰሌዳው ላይ ታሰፍራለች። አንዳንድ ሠራተኞች በጀርባው «ጋሽ ድፍን» ብለው ቀለዱበት። ከከንፈራቸው አነበበውና መጀመሪያ ሆዱ ባሰው፤ በኋላ «ስታሙኝ ፊታችሁን አዙሩ እንጂ» ብሎ አሳቃቸው። ቢሆንም በር ላይ ዓይኑን ጨፍኖ መቆሙን ተወ። የሚያውቁት ሰዎች ይህን ሲያዩ ቅር አላቸው፤ እሱንም ቅር ይለዋል።

ለሚስቱ የነገራት ከምርመራው በተመለሰበት ማታ ነው። ራት ቀርቦ ሳይበሉ ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋላት። ብዙ አየችው። ትደነግጣለች ብሎ ነበር፤ እሷ ግን ተቆጣች።

«ሁለት ዓመት!» አለች። «ሁለት ዓመት ሙሉ ቃል የምትውጪው አንቺ ነሽ ስትል! እኔስ አላወቅኩም መሰለህ? ማንቆርቆሪያው አጠገብ ስትቀመጥ አላየሁህም? በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ሲባል አልሰማህም?»

«አልሰማሁም» አለ።

ሳትፈልግ ሳቀች። ከዚያ ሳቋ ወደ ሌላ ነገር ተለወጠና ፊቷን አዙራ በነጠላዋ ጫፍ ዓይኗን ጠረገች። ወደ ግድግዳው ዞራ የሆነ ነገር ተናገረች፤ ቃሉ ሳይሆን ድምፁ ብቻ ደረሰው።

ወንበሩን አንስቶ ጠረጴዛውን ዞረና ፊት ለፊቷ ተቀመጠ።

«ምን አልሽ? ወደኔ ዙሪና ድገሚልኝ» አላት።